«ባለመጠንቀቁ» ማን ጠየቃችሁ?

አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ለመድን ድርጅቱ የጻፈው ደብዳቤ እጃችን ገባ። «ሠራተኛችን ባለመጠንቀቁ ሁለት ጣቶቹ በመጋዝ ማሽን ስለተቆረጡ የሕክምና ወጪው እንዲሸፈንልን እንጠይቃለን» ይላል። ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፣ የውል ቁጥር አለው። የመጋዙ መከለያ ተነቅሎ ጥግ ላይ መቀመጡ ግን የለም።

«ባለመጠንቀቁ» ምን ትሠራለች? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይመደባሉ። ለአፍታ መዘናጋት ግን ከነዚህ አንዱ አይደለም። ቃሏ ነገ ልጁ ካሳ ሲጠይቅ እንድትመዘዝበት የተቀመጠች ናት፤ እኛ ሌላ ጥቅም አላየንባትም።

«እንዲሸፈንልን»ም አናደደችን። መልሱ እስኪመጣ መድኃኒቱን የሚገዛው ልጁ ነው፤ ፋሻ በታሰረ እጁ ደረሰኝ ያጠራቅማል! አዋጁ የሕክምናውን፣ የቀዶ ጥገናውንና የመድኃኒቱን ወጪ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። መድን አሠሪው ለራሱ ኪስ የገዛው መከታ ነው። ቢዘገይ የሚጠብቀው አሠሪው እንጂ ቁስሉ አይደለም።

እኛ ብንጽፈው እንዲህ እንል ነበር፦ «ሠራተኛችን ከጠዋቱ 4 ሰዓት መከለያ በሌለው መጋዝ ጣውላ ሲሰነጥቅ ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ። ወዲያው ሐኪም ቤት ወስደነዋል። የሕክምና ማስረጃውንና እስከ ዛሬ የከፈልንባቸውን ዋና ደረሰኞች አያይዘናል፤ ይተካልን።»