የማኅበሩ ሂሳብ ልክ ነው፤ የእናንተስ?

ዛሬ ስለ ዋግም ስለ ማዳበሪያም አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ መዝገብ ነው። አንዳንድ የማኅበር አመራሮች እንደሚከፋቸው አውቃለሁ። ይክፋቸው። እኔ የማየው ነገር እህሉን ያመረተውን ሰው እየጎዳ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ማኅበሩንም ሰዎቹንም በስም አልጠራም፤ ጉዳዩ በሽማግሌ አልቋል።

አንዲት እናት መጋቢት ላይ ወደ ጣቢያችን መጡ። «ልጄ፣ ስንዴዬን ሦስት ጊዜ አስረክቤያለሁ፤ የተከፈለኝ ግን የሁለቱ ብቻ ነው» አሉኝ። ወደ ማኅበሩ ቢሄዱ «መዝገቡ ልክ ነው» ተብለዋል። ቁጥጥር ኮሚቴውም አይቶ ልክ ነው ብሏል። እንግዲህ ማን ይዋሻል? እሳቸው ናቸው ወይስ መዝገቡ?

ማንም አልዋሸም። ነገሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው።

መዝገቡ በቀን ተራ የተጻፈ ደብተር ነበር። ዛሬ ማን ምን ያህል አመጣ፣ ነገ ማን አመጣ፣ እያለ ይወርዳል፤ ከገጹ ግርጌ ድምር አለ። ድምሩ መጋዘን ከገባው እህል ጋር ይገጥማል። አንድ አባል ግን «የኔ ድምር ስንት ነው?» ቢል መልሱ የትም የለም፤ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር እያገላበጡ መልቀም ነው። እኛም እንደዚያው አደረግን። ከጸሐፊው ጋር ሦስት ማታ ተቀምጠን እያንዳንዱን መስመር በአባል ለየነው።

የእናታችን ደረሰኞች በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ነበር። ዋጋውን ለሂሳብ እንዲመች አስተካክዬዋለሁ፣ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 420 ኪሎ በ50 ብር፣ 21,000 ብር። ጥር 3 ቀን 350 ኪሎ በ50 ብር፣ 17,500 ብር። ጥር 24 ቀን ዋጋው ወደ 54 ብር ከፍ ብሎ ስለነበር 280 ኪሎው 15,120 ብር። በጠቅላላው 1,050 ኪሎ፣ 53,620 ብር ማለት ነው።

የተከፈላቸው ደግሞ እንዲህ ነው። መጀመሪያ 20,000 ብር በእጃቸው ተቀበሉ። 8,600 ብር ለማዳበሪያ ዕዳ ተቀነሰባቸው። የካቲት ላይ 9,900 ብር ተጨመረላቸው። ሲደመር 38,500 ብር። ከ53,620 ላይ ሲቀነስ 15,120 ብር ይቀራል። እዩት እንግዲህ፤ የጎደለው ገንዘብ ከጥር 24ቱ ስንዴ ጋር ብር በብር እኩል ነው።

የት ሄደ? የጥር 24ቱን እህል በሦስት አህያ ጭኖ የሄደው ልጃቸው ነበር። ሚዛን ላይ ስም ሲጠየቅ የእናቱንና የአያቱን ስም ተናገረ። በዚያ ቀበሌ ግን በስምም በአባት ስምም ሞክሼ የሆነች ሌላ አባል አለች። ደረሰኙ ላይ ስም ብቻ ስለነበረ ጸሐፊው ክፍያውን ሲያዘጋጅ እህሉን ለሞክሼዋ ቆጠረላት። ሴትዮዋም ተቀበለች፤ «የዋጋ ጭማሪ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር» አለች፤ እኔም አምኛታለሁ። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ከፍላ መለሰች።

አሁን ልብ በሉ። እህሉ መጋዘን ገብቷል። ገንዘቡም ከካዝና የወጣው በፊርማ ነው። ጠቅላላ ድምሩ አንድ ኪሎ፣ አንድ ብር አልተዛነፈም። ኦዲተር ቢመጣና ጠቅላላውን ከጠቅላላው ቢያመሳክር ስህተት አያገኝም። የማኅበሩ ሂሳብ ልክ ሆኖ አባሉ የሚጎዳው እንዲህ ነው። ይህን ስህተት የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እህሉን ያስረከበው ባለቤት። ባለቤቱ ደግሞ የራሱ ገጽ ከሌለው ምኑን አይቶ ይናገር?

ስለዚህ የምለው አጭር ነው፤ የአባል ድምር የማያሳይ መዝገብ የማኅበር መዝገብ አይደለም፤ የመጋዘን ደብተር ነው።

እንዴት ይሠራ ለምትሉ፣ ከባድ ነገር የለውም። ሁለት ዝርዝር ይያዝ። አንዱ የርክክብ ነው፦ ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የአባል ቁጥር፣ ስም እስከ አያት፣ ጆንያው ተቀንሶ የተጣራ ኪሎ፣ የዕለቱ ዋጋ፣ ብር። ሁለተኛው የክፍያ ነው፦ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ የአባል ቁጥር፣ ብር፣ ምክንያት። ከእነዚህ ሁለቱ ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ይወጣል፤ ያስረከበው፣ የተከፈለው፣ ቀሪው።

ሁለት ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። አንደኛ፣ መለያው ስም ሳይሆን የአባል ቁጥር ይሁን፤ ቁጥሩም ሚዛኑ ላይ እያለ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። እህሉን የሚያደርሰው ልጅ ወይም ጎረቤት ከሆነ የአባሉን ደብተር ይዞ ይሂድ። ሁለተኛ፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲቀነስ ራሱን የቻለ የክፍያ መስመር ይሁን። ብዙ ቦታ ዕዳው ተቀንሶ «ቀሪ ይህን ያህል» ብቻ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ዕዳው ትክክል ይሁን አይሁን፣ ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ይሁን አይሁን የሚታወቅበት መንገድ የለም።

ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል የሚሠራ ጸሐፊ ካላችሁ፣ ከላይ በጻፍኩት ቅደም ተከተል «ርክክብ» እና «ክፍያ» የሚባሉ ሁለት ገጾች ይክፈት። ሦስተኛ ገጽ ላይ የአባል ቁጥሮችን ከA2 ጀምሮ ወደ ታች ይደርድርና አጠገባቸው ይህን ይጻፍ፦

```
=SUMIF(ርክክብ!C:C,A2,ርክክብ!G:G)-SUMIF(ክፍያ!C:C,A2,ክፍያ!D:D)
```

የአባሉ እህል ስንት ብር እንደሚያወጣ ደምሮ፣ የተከፈለውን ቀንሶ፣ ቀሪውን ያሳያል። እኛ ሦስት ማታ የፈጀብን ሥራ ይኸው ነበር። ኤክሴል የሌለው ደግሞ በወፍራም ደብተር ለእያንዳንዱ አባል አንድ ገጽ ይስጥ፤ ያው ነው።

ስህተት ሲገኝ ፍቆ ማስተካከል አይፈቀድ። የእናታችንን ጉዳይ ያረምነው እንዲህ ነው። በሞክሼዋ ገጽ ላይ «280 ኪሎ ተቀናሽ፣ በስህተት የተመዘገበ» ብለን የደረሰኙን ቁጥር ጻፍን። በእናታችን ገጽ ላይ 280 ኪሎ ጨመርን። የሞክሼዋ ቀሪ ከዜሮ በታች 15,120 ብር ወረደ፤ ለማኅበሩ የምትመልሰው ማለት ነው። ስትመልስ ዜሮ ገባ። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው ምን እንደሆነ ይገባዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ።

ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይውጣ። ሁለት ሚዛን አለው። አንዱ የእህል ነው፦ አባላት ያስረከቡት፣ ከተሸጠው፣ መጋዘን ካለውና ከባከነው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ለምሳሌ የገባው 1,240 ኩንታል ቢሆን፣ ለዩኒየኑ የተሸጠ 1,205፣ መጋዘን ያለ 27፣ የባከነ 8። ካልገጠመ እህል ጠፍቷል ወይም ሚዛን ተሳስቷል። ሁለተኛው የገንዘብ ነው፦ ለአባላት የሚገባው ጠቅላላ ብር፣ ከተከፈለው፣ ለዕዳ ከተቀነሰውና ገና ካልተከፈለው ድምር ጋር እኩል ይሁን። ሁለቱ ከገጠሙ ጥሩ ነው፤ ግን እንዳያታልላችሁ፣ የሞክሼው ዓይነት ስህተት በሁለቱም ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ ማጠቃለያው ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዱ አባል የራሱን ገጽ ከደረሰኞቹ ጋር አይቶ ይፈርም። ማንበብ ለማይችል ልጁ ወይም ጎረቤቱ ያንብብለት።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልምጣ። «ጸሐፊው ሥራ ይበዛበታል» ይላሉ። እድራችሁን አስቡ እስቲ። የእድር ጸሐፊ ደመወዝ የለውም፤ ግን እገሌ የየትኛውን ወር እንዳልከፈለ ጠይቁት፣ ገልጦ ያሳያችኋል። ለእድር መዋጮ የሰጠነውን ጥንቃቄ ለዓመት ልፋታችን እንዴት እንነፍገዋለን?

«የሰው ገመና ይወጣል» የሚሉም አሉ። ይህ እውነት አለበት፤ ዕዳ አደባባይ አይለጠፍም። ስለዚህ ሰሌዳ ላይ የአባል ቁጥርና ያስረከበው ኪሎ ብቻ ይለጠፍ፤ ብሩንና ዕዳውን ባለቤቱ በራሱ ገጽ ይየው።

«ጸሐፊያችን ታማኝ ነው» ለሚሉኝ፣ የኔ ታሪክ ጸሐፊም ታማኝ ነበር። አንድ ብር አልበላም። ሆኖም ቀበሌው ሁሉ ሁለት ሳምንት ሌባ ሲለው ከረመ። የአባል ገጽ ቢኖረው ኖሮ በአሥር ደቂቃ ስሙን ያነጻ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የኅብረት ሥራ ትርፍ እንደ ሱቅ ትርፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1844 እንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ ማኅበር ያቋቋሙት ሠራተኞች ከትርፉ ለአባል የሚከፋፈለው አባሉ ከማኅበሩ ጋር በተገበያየው መጠን ይሁን ብለው ነበር፤ መርሁ እስከ ዛሬ አለ። ብዙ እህል ያስረከበ ብዙ ያገኛል። ታዲያ ማን ስንት እንዳስረከበ በአባል ያልተደመረበት ማኅበር ትርፉን በምን ያካፍላል? በግምት ነዋ!

የአባቶቻችንንም አትርሱ። በደርግ ጊዜ የጎጃም ገበሬ እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሲያስረክብ ኖሯል። ብዙ ሽማግሌ ዛሬም «ማኅበር» ሲባል ፊቱን የሚያዞረው ለዚህ ነው። ያንን ጥርጣሬ ስብሰባና ንግግር አይነቅለውም። ገበሬው የራሱን ገጽ ገልጦ «ይኸው 1,050 ኪሎዬ» ሲል ነው የሚነቀለው።

ለምርት ዘመኑ ግብዓት ወደ ማኅበራችሁ ስትሄዱ ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጸሐፊውን በአክብሮት «የኔን ድምር አሳየኝ» በሉት። ገልጦ ካሳያችሁ አመስግኑት። «ቆይ ልፈልግ» ብሎ ደብተር ማገላበጥ ከጀመረ ግን ጉዳዩን በጠቅላላ ጉባኤ አንሱት። አባል ናችሁ፤ ባለሀብቱም ድሃውም እዚያ ያለው አንድ አንድ ድምፅ ነው።