የሱቅ ደብተርና ባለአራት ዓምድ ሰንጠረዥ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ ብዙው ባለሱቅ በመደርደሪያው ላይ የቀረውን ዕቃ መቍጠሩ አይቀርም፤ ዳሩ ግን ቈጠራው የሚጻፈው በየዕለቱ ደብተር ላይ ስለሆነ ዕቃውና ዱቤው ተቀላቅሎ ይገኛል። ባለፈው ሰኔ አንድ የአዳማ ባለሱቅ ወዳጄ ደብተሩን ወደ ሰንጠረዥ እንዳዛውርለት ጠይቆኝ ነበርና ያየሁትን ለክቡራን አንባቢያን ላቀርብ ወደድሁ።

ገጹ እንዲህ ይላል፤ «ስኳር 3 ጆንያና የተከፈተ፤ ሳሙና 2 ካርቶንና 7፣ በ1,440፤ ጎረቤታችን 5 ሳሙና ወስደዋል።»

አምስቱ ሳሙና ከሱቁ ወጥቷልና ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ ሆኗል፤ ስለዚህ ወደ ዱቤው መዝገብ አለፈ። ከዚህ በኋላ ብዙዎች የሚጀምሩት ከዋጋው ነው። በእኔ አሳብ ግን አስቀድሞ መወሰን የሚገባው መለኪያው ነው፤ እርሱም ሱቁ በችርቻሮ የሚሸጥበት ትንሹ መለኪያ ቢሆን ይሻላል። ካርቶኑን ብናየው 48 ሳሙና እንደሚይዝ ተጽፎበታል፤ ሁለቱ ካርቶን 96፣ ከሰባቱ ጋር 103 ሆነ። የካርቶኑም ዋጋ ለ48 ሲካፈል የአንዱ 30 ብር ነው።

በስኳሩ ላይ ክርክር ተነሣ። የሱቁ ልጅ ጆንያውን ኩንታል አድርጎ ቈጥሮት ነበር። ጆንያ ግን መያዣ እንጂ መለኪያ አይደለም፤ ኩንታል 100 ኪሎ ሲሆን በእነዚህ ጆንያዎች ላይ የታተመው 50 ኪሎ ነው። የተከፈተው በሚዛን 18 ኪሎ ወጣው።

| የዕቃው ስም | መለኪያ | ብዛት | የአንዱ መግዣ ዋጋ (ብር) |
|---|---|---|---|
| ሳሙና | ፍሬ | 103 | 30 |
| ስኳር | ኪሎ | 168 | 100 |

በልጁ ቈጠራ ስኳሩ 318 ኪሎ ይሆን ነበር። በሌለ 150 ኪሎ የ15,000 ብር ዕቃ በሱቁ እንዳለ ይጻፋል፤ በዓመቱ መጨረሻ የቀረው ዕቃ ሲበዛ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ያንሳል፣ ትርፉም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ ይታያል። ባለሱቁ ላላገኘው ትርፍ ግብር ሊጠየቅ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ለማወቅ ብዛቱን በዋጋው አባዝቶ ውጤቱን ከመደርደሪያው ጋር ማስተያየት ነው። በሳሙናው ረድፍ መለኪያው «ፍሬ» ተብሎ ሳለ የካርቶኑ 1,440 ብር ቢጻፍ ኖሮ 148,320 ብር ይወጣ ነበር፤ ይህን ያህል ሳሙና ደግሞ በዚያች ጠባብ ሱቅ አይገባም። የስኳሩ ስሕተት ግን እንዲህ ዓይን አይወጋምና የሚገለጠው ጆንያውን ሄዶ በማየት ብቻ ነው።

ከስኳሩ አንዱ ጆንያ በሌላ ጊዜ በሌላ ዋጋ የተገዛ ሆኖ ቢገኝ በአማካይ ከመገመት በየዋጋው ሁለት ረድፍ መጻፍ ይሻላል። ወዳጄ ይህን በሰማ ጊዜ ደረሰኞቹን ሊፈልግ ወደ ጓዳ ገባ።