ከሥራው የበለጠ ሞተር የሚያስከትለው ስውር ወጪ

የኤሌክትሪክ ሞተር ለመግዛት ወደ መደብር የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው ከፍ ያለውን እንዲወስድ ይመከራል። ምክሩ የሚሰጠው በቅን ልብ ነው፤ ትልቅ ሞተር አይጨነቅም፣ ቶሎም አይቃጠልም ይባላል። ሥራው ሲያንስ ሞተሩም በዚያው ልክ ያነሰ ኤሌክትሪክ ስለሚወስድ፣ ገዥው ከመግዣው ዋጋ በቀር የሚጎዳበት ነገር እንደሌለ ይታመናል። ይህ እምነት ግን እውነትነቱ በከፊል ብቻ ነው።

ሞተር ከመስመሩ የሚስበው ኃይል ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘንጉን የሚያዞረውና ሥራ የሚሠራው ሲሆን፣ ከጭነቱ ጋር ይጨምራል፣ ይቀንሳልም። ሁለተኛው በሞተሩ ውስጥ የማግኔት ኃይል ለመፍጠር ወደ ሞተሩ እየገባ ተመልሶ የሚወጣው ነው። የዚህ የሁለተኛው መጠን የሚወሰነው በሞተሩ ትልቅነት ስለሆነ፣ ሞተሩ ባዶውን ቢዞር እንኳ ብዙ አይቀንስም። ሥራ የሚሠራው ኃይል ከጠቅላላው ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ቁጥር ፓወር ፋክተር ይባላል። ጭነቱ ሲቀልም ይህ ቁጥር ይወድቃል።

ለምሳሌ ያህል 7.5 ኪሎዋት ጉልበት የሚበቃውን የዘይት መጭመቂያ እንመልከት። ባለቤቱ በ380 ቮልት የሚሠራ ባለ 30 ኪሎዋት ሞተር ቢገጥምለት ሞተሩ የሚሠራው በአቅሙ ሩብ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር በሙሉ ጭነት ብቃቱ 92 ከመቶ፣ ፓወር ፋክተሩም 0.86 ያህል ሲሆን፣ በሩብ ጭነት ብቃቱ ወደ 88 ከመቶ፣ ፓወር ፋክተሩ ግን ወደ 0.55 ይወርዳል። ስለዚህ 8.5 ኪሎዋት ሲወስድ በመስመሩ ላይ 15.5 ኪሎቮልት አምፔር ይጭናል፤ ይኸውም 23.5 አምፔር ነው። በምትኩ ባለ 11 ኪሎዋት ሞተር ቢገጠም 8.3 ኪሎዋት ይወስዳል፤ መስመሩ የሚሸከመውም 10.4 ኪሎቮልት አምፔር፣ ማለት 16 አምፔር ያህል ይሆናል።

ከዚህ እንደሚታየው የብቃቱ ልዩነት 0.2 ኪሎዋት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ቆጣሪው ላይ ጎልቶ አይታይም። ዋናው ጉዳት ያለው በአምፔሩ ላይ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት በአምፔሩ ስኩዌር ልክ ስለሚያድግ፣ በትልቁ ሞተር ጊዜ ብክነቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ለሌላ መሣሪያ ሊያገለግል ይችል የነበረው የትራንስፎርመር አቅምም ያለ ሥራ ይያዛል። የኤሌክትሪክ ውሉ ክፍያን በኪሎቮልት አምፔር የሚያስብ፣ ወይም ለዝቅተኛ ፓወር ፋክተር ቅጣት የሚጥል ከሆነ፣ ይህ ጉዳት በየወሩ በገንዘብ ይከፈላል።

ጉድለቱን በአምፔር መለኪያ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል። በምሳሌው ያለው ትልቁ ሞተር በሙሉ ጭነት 58 አምፔር ያህል ስለሚወስድ፣ 23.5 አምፔር ያነበበ ሰው ሞተሩ በአቅሙ 40 ከመቶ ይሠራል ብሎ ይገምታል፤ እውነቱ ግን 25 ከመቶ ነው። የተሻለው ግምት የሚገኘው ፍጥነቱን በመለካት ነው። በሰሌዳው ላይ 1470 የተጻፈበት ሞተር ባዶውን ሲዞር በደቂቃ ወደ 1500 ዙር ይጠጋል፤ በሙሉ ጭነት 30 ዙር ይጎድለዋል ማለት ነው። ሲለካ 1492 ከተገኘ የጎደለው 8 ዙር ብቻ ስለሆነ፣ ጭነቱ ከሩብ ብዙም እንደማይበልጥ ይታወቃል።

ይህ ሲባል ሞተር ሁሉ ከሥራው ጋር እኩል ይሁን ማለት አይደለም። ሞተሮች በአብዛኛው የሚሰየሙት ከባሕር ጠለል እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከ2300 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ አየሩ ስስ ስለሆነ ማቀዝቀዙ ይደክማል፤ ስለዚህ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል መቀነስ ይገባል። መጭመቂያው ሲታነቅ ወይም ከነጭነቱ ሲነሣ ለሚጠይቀው ጉልበትም ትርፍ ያሻል። ይሁን እንጂ ባለ 11 ኪሎዋቱ ሞተር በዚህ ከፍታ 10 ኪሎዋት ያህል ስለሚቀረው፣ ለ7.5 ኪሎዋቱ ሥራ በቂ ትርፍ አለው። ጥቂት ትርፍ መያዝ ጥንቃቄ ነው፤ አራት እጥፍ ግን ብክነት ነው።

በሥራ ላይ ያለውን ደኅና ሞተር አውጥቶ መጣልም አይገባም። እስከዚያው ድረስ በልኩ የተመረጠ ካፓሲተር በሞተሩ አጠገብ ቢገጠም የመስመሩን ጭነት ያቃልላል፤ በሞተሩ ውስጥ ያለውን ብክነት ግን አያስቀርም። ሞተሩ ተቃጥሎ ጥቅሉ እንደገና ይጠቅለል በተባለ ቀን ግን፣ ባለቤቱ የጥቅለላውን ሒሳብ በልኩ ከሆነው አዲስ ሞተር ዋጋ ጋር ሊያነጻጽር ይገባል። አስመጪውና ባለመደብሩም ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ሞተሩ የሚያዞረው መሣሪያ ስንት ኪሎዋት እንደሚፈልግ ቢጠይቁ፣ ለደንበኛቸው ከማናቸውም ቅናሽ የበለጠ ጥቅም ይሰጡታል።