ፌዘር የሚጥለው የመፍትሔ ክፍል

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ፋብሪካዎች የሚዞር እያንዳንዱ ሞተር በዲፈረንሻል እኩልታ የሚገለጽ ዑደት ነው። የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ግን እኩልታውን አንድ ጊዜ አይቶ ይተወዋል፤ በምትኩ ኢንዳክተርን በ jωL፣ ካፓሲተርን በ 1/(jωC) የመተካትን ሕግ ይሸመድዳል። ሕጉ ትክክል ነው። ጉድለቱ ሕጉ በምን ላይ እንደቆመ ተማሪው ሳይጠየቅ መመረቁ ነው። ፌዘር ከሙሉው መፍትሔ አንዱን ክፍል ይዞ ሌላውን ይጥላል፤ የተጣለውን የማያውቅ መሐንዲስ ደግሞ መሣሪያ ሲቃጠል መንሥኤውን በስሌቱ ውስጥ አያገኘውም።

የአንድ ፌዝ ጭነት እንደ ምሳሌ ይወሰድ፦

L·di/dt + R·i = Vm·cos(ωt)

ኮሳይን ዲሪቬቲቩ ሲወሰድ ወደ ሳይን ይለወጣል፤ ስለዚህ መፍትሔ ፈላጊው ሁለቱንም ይዞ መጓዝ ይኖርበታል። e^(jωt) ግን ዲሪቬቲቩ ሲወሰድ ቅርጹን ሳይለውጥ በ jω ተባዝቶ ይመለሳል። ኮሳይን የዚህ ኤክስፖኔንሻል እውነተኛ ክፍል በመሆኑ፣ ምንጩ Vm·e^(jωt)፣ ከረንቱም I·e^(jωt) ነው ተብሎ ሊሠራ ይችላል። በሁለቱም ወገን ያለው e^(jωt) ይጣፋል፤ የሚቀረው (R + jωL)·I = Vm ነው። ጊዜም ዲሪቬቲቭም ከእኩልታው ወጥተዋል። በመጨረሻ እውነተኛውን ክፍል ብቻ መውሰድ የሚቻለው ዑደቱ ሊኒየር፣ R እና Lም የማይለዋወጡ እውነተኛ ቁጥሮች ስለሆኑ ነው። ቻርልስ ስታይንሜትዝ እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ያቀረበው የኮምፕሌክስ ቁጥሮች ዘዴ ይህ ነው።

አሁን R 6 Ω፣ በ50 Hz ደግሞ ωL 8 Ω ይሁን፤ ቮልቴጁ 220 V ነው። ከረንቱ 220/(6 + j8)፣ ማለትም 22 A ሆኖ ከቮልቴጁ በ53.1° ወደኋላ ይዘገያል። ማብሪያው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሳለ ቢገናኝ ግን ሙሉው መፍትሔ የሚከተለው ነው፦

i(t) = 31.1·cos(ωt − 53.1°) − 18.7·e^(−t/τ)

ሁለተኛውን ክፍል ፌዘር አያውቀውም። ከረንቱ ከዜሮ እንዲነሣ የሚያስገድደው የመነሻ ሁኔታ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። τ = L/R እዚህ 4.2 ms ያህል ስለሆነ፣ አንድ ዑደት (20 ms) ሲያልፍ የቀረው ከ1% በታች ነው፤ ስለዚህ ፌዘሩ ለዚህ ጭነት ታማኝ ነው። ሰበታ እንዳለው ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ጣቢያ ግን ሪአክታንስ ከሬዚስታንስ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሬሾው 20 ቢሆን τ ወደ 64 ms ያድጋል፤ አጭር ዑደት ሲፈጠር የመጀመሪያው ጫፍ ፌዘሩ ከሰጠው እስከ 1.85 እጥፍ ገደማ ሊደርስ ይችላል። ሰርኪዩት ብሬከርን በፌዘሩ ቁጥር ብቻ የመረጠ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ወሰን የድግግሞሽ ነው። የላይኛውን ጭነት ፓወር ፋክተር ከ0.6 ወደ 1 ለማሳደግ 3,872 var ያስፈልጋል፤ ይህን የሚሰጠው ካፓሲተር 255 µF ገደማ ሆኖ በ50 Hz 12.5 Ω ሪአክታንስ አለው፣ 17.6 Aም ይስባል። በአቅራቢያው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ወይም ኢንዳክሽን ምድጃ ቢኖርና ቮልቴጁ 5% አምስተኛ ሃርሞኒክ ቢሸከም፣ በ250 Hz የካፓሲተሩ ሪአክታንስ ወደ 2.5 Ω ይወርዳል። 11 V ብቻ የሆነው ሃርሞኒክ 4.4 A ያስገባል፤ ይህም ከመሠረታዊው ከረንት ሩብ ነው። የ50 Hz ፌዘር ይህን ፈጽሞ አያሳይም፤ ምልክቱ ያለልክ የሚሞቅ ካፓሲተርና ጭነቱ ሳይጨምር የሚቃጠል ፊውዝ ነው። መፍትሔው ፌዘርን መተው አይደለም። ለእያንዳንዱ ድግግሞሽ የየራሱን ፌዘር ሠርቶ ውጤቶቹን በጊዜ መደመር ነው፤ በተለያየ ድግግሞሽ የሚዞሩ ፌዘሮችን እንደ ቬክተር መደመር ግን ስሕተት ነው።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ፈተናዎች ከእያንዳንዱ የፌዘር ውጤት ጎን ሦስት ነገሮችን ሊጠይቁ ይገባል፦ የዑደቱ τ ስንት ነው፤ ጭነቱ ሊኒየር ነው ወይ፤ ምንጩስ አንድ ድግግሞሽ ብቻ ነው ወይ? እነዚህን የመለሰ ተማሪ የሚጽፈው jωL ስለምን ትክክል እንደሆነ ያውቃል፤ ትክክል መሆኑን የሚያቆመው የት እንደሆነም እንዲሁ።