ያረጀ መዝገብ አዲሱን ሲሽር

በአንድ የንግድ ቤት ሁለት መዝገብ ሲኖር አንደኛው ዋና፥ ሁለተኛው ግልባጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን የሚገለብጠው ጸሐፊ ሳይሆን ኮምፒውተር ስለሆነ፥ የትኛው ዋና እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እየጠፋ ሄዷል። ከዚህ የተነሣ በአንድ የንግድ ቤት የደረሰውን መመልከት ለነጋዴዎች ሁሉ ይጠቅማል።

ይህ የንግድ ቤት የመኪና መለዋወጫ ያስመጣል፤ ጽሕፈት ቤቱ በአንድ ሰፈር፥ መሸጫውና መጋዘኑ በሌላ ሰፈር ናቸው። የዕቃው ብዛትና ዋጋ የሚጻፍበት ፋይል በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ይገኛል። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ይኸው ፋይል በተወሰነለት ቀጠሮ ወደ መሸጫው ኮምፒውተር ይገለበጥና በፊት የነበረውን ይተካል።

አንድ ዐርብ ጧት የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ለጥገና ተወሰደ። ሥራ እንዳይቆም ሲባል የመሸጫው ሒሳብ ያዥ ዐርብ፥ ቅዳሜና ሰኞ የተሸጠውን ሁሉ፥ ከጉምሩክ የወጣውን አዲስ ዕቃና አዲሱንም ዋጋ በመሸጫው ኮምፒውተር ላይ መዘገበ። ሰኞ ማታ የተጠገነው ኮምፒውተር ተመልሶ ሲተከል በውስጡ የነበረው የሐሙስ ማታው መዝገብ ነው። ቀጠሮውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን የሐሙሱ መዝገብ የሰኞውን ደመሰሰው።

በማግስቱ የማሽኑ ማስታወሻ ሥራው ያለ ስሕተት መፈጸሙን ይናገር ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል የሚመሰክረው መገልበጡ መፈጸሙን እንጂ የተገለበጠው ትክክል መሆኑን አይደለም። መሸጫውም እስከ ቀትር ድረስ በአሮጌው ዋጋ ሸጠ። ነገሩ የተገለጠው መዝገቡ 6 የፍሬን ሸራ ብቻ እንዳለ ሲያሳይ የመጋዘኑ ኀላፊ በመደርደሪያው ላይ 46 በመቍጠሩ ነው። ዕቃው ከመዝገቡ ቢያንስ ሰው ስርቆትን ይጠረጥራል፤ ዕቃው ከመዝገቡ ሲበልጥ ግን ተጽፎ የነበረ ገቢ መጥፋቱን መጠርጠር ይገባል። ደረሰኝ ሲመሳከርም ሰኞ የተቈረጠው የመጨረሻ ቍጥር 1912 ሲሆን፥ መዝገቡ የሚያውቀው እስከ ሐሙሱ 1840 ብቻ ሆኖ ተገኘ። የ72 ሽያጭ ጽሑፍ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ከወረቀቱ ደረሰኝና ከዕቃ መረከቢያው ሰነድ አንድ በአንድ እንደገና ተጻፈ፤ በአሮጌው ዋጋ የተሸጠው ግን ሊመለስ አልቻለም።

ከዚህ በኋላ የቀረበው የምርመራ ጽሑፍ በግልባጩ ላይ ጽፏል በማለት ሒሳብ ያዡን ጥፋተኛ አደረገ። ይህ ፍርድ የተስተካከለ አይመስልም። ሒሳብ ያዡ የጻፈው እውነተኛውን ነው። ጥፋቱ የሚጻፍበት ስፍራ ሲለወጥ የግልባጩ አቅጣጫ ሳይለወጥ መቅረቱ ነው። በዚያ ሦስት ቀን ዋናው መዝገብ የመሸጫው ነበረ፤ ይህን ለማሽኑ የነገረው ግን የለም።

ማሽኑም በራሱ አያውቅም። ለምሳሌ `rsync` የተባለው የታወቀ መገልበጫ በተለመደው አሠራሩ የሁለቱን ፋይሎች መጠንና የተለወጡበትን ጊዜ ያስተያያል፤ ልዩነት ካገኘ ይገለብጣል እንጂ የትኛው አዲስ እንደሆነ አይመረምርም። `--update` የሚል ትእዛዝ ሲጨመርበት ግን በመድረሻው ያለው ፋይል አዲስ ከሆነ ይተወዋል። ይህም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም። ከመጠባበቂያ የተመለሰ አሮጌ ፋይል የተመለሰበትን ቀን ይዞ ሊገኝ ስለሚችል፥ አሮጌው አዲስ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ለነጋዴ ከቀኑ ይልቅ የደረሰኙ ተራ ቍጥር የታመነ ምስክር ነው። ከመገልበጡ በፊት የሁለቱ መዝገቦች የመጨረሻ ደረሰኝ ይመሳከር፤ የመድረሻው ቍጥር በልጦ ከተገኘ ሥራው ቆሞ ኀላፊው ይጠራ።

ከዚህም ጋራ የሚተካው ፋይል ከመደምሰሱ አስቀድሞ በቀኑ ተሰይሞ ቢያንስ 7 ቀን ሊቀመጥ ይገባል። የሰኞው መዝገብ እንዲህ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ 72 ደረሰኝ እንደገና መጻፍ ባላስፈለገም ነበር።

ይህ ሥራ ያበዛል የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ሆኖም ኮምፒውተር ለጥገና ሲወጣ ቀጠሮውን ማቆም፥ ሲመለስም በመጀመሪያ ከመሸጫው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መገልበጥና ቍጥሩን አመሳክሮ ቀጠሮውን መልሶ መክፈት ለአንድ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን ማሽኑ ከመበላሸቱ በፊት በጽሑፍ ሊወሰን ይገባል።