«ተጨማሪ ይመልከቱ» ግን ምኑን?

«ተጨማሪ ይመልከቱ»፣ «ተጨማሪ ይመልከቱ»፣ «እዚህ ይጫኑ»፣ «ተጨማሪ ይመልከቱ»፣ «እዚህ ይጫኑ»።

ይህ የአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ የእንቁጣጣሽ ቅናሽ ገጽ ነው። ማየት የተሳነው ሰው ስልኩ ላይ ባለው ስክሪን ሪደር የገጹን ሊንኮች ብቻ ለይቶ ሲያዳምጥ የሚሰማው ይህን ነው። ፍሪጅ የለ፣ ምድጃ የለ፣ ዋጋ የለ። ታዲያ ምኑን ነው የሚመለከተው? ምኑንስ ነው የሚጫነው?

የድርጅቶችን የማስታወቂያ ጽሑፍ ማረም እንጀራዬ ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ «እሱ የፕሮግራመሩ ሥራ ነው» የሚል ነው። አልስማማም። ርዕሱን፣ የሊንኩን ቃልና የፎቶውን መግለጫ የሚጽፈው ጸሐፊ ነው። ፕሮግራመሩ ማስቀመጫውን ያዘጋጃል እንጂ ማሽኑ ከፊት ይከፈት ከላይ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም።

መጀመሪያ አንድ የተለመደ ግምት እናንሳ። ብዙ ሰው ስክሪን ሪደር ገጹን ከላይ እስከ ታች እንደ ዜና አንባቢ የሚያነበንበው ይመስለዋል። እናንተስ ገጽ ስትከፍቱ ሁሉንም ታነባላችሁ? በአውራ ጣት ገፋ ገፋ አድርጋችሁ ዓይናችሁ የሚፈልገው ነገር ላይ ሲደርስ ትቆማላችሁ እንጂ። ማየት የተሳነውም ሰው የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ በጆሮው ማድረጉ ብቻ ነው። በአዳዲሶቹ አንድሮይድ ስልኮች ቶክባክ ሲበራ፣ በሦስት ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በማንሸራተት «ርዕሶች» ወይም «ሊንኮች» የሚለው ይመረጣል። ከዚያ አንድ ጣት ወደ ታች በተንሸራተተ ቁጥር ወደሚቀጥለው ርዕስ ወይም ሊንክ ይዘላል። አይፎን ላይ ደግሞ ቮይስኦቨር በርቶ ሁለት ጣት እንደ ቁልፍ ማዞር ነው። ኮምፒውተር ላይ፣ በነፃ በሚገኘው ኤንቪዲኤ፣ H ወደ ርዕስ፣ K ወደ ሊንክ፣ G ወደ ምስል ይወስዳል።

ስለዚህ አንድ ገጽ ከሚታየው መልኩ ሌላ ሦስት ዝርዝሮች አሉት፤ የርዕስ፣ የሊንክና የምስል። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ዝርዝር ከገጹ ተነጥሎ ብቻውን ሲነበብ ትርጉም ይሰጣል ወይ?

እስቲ ያንን የቅናሽ ገጽ አብረን እንፈታታው። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ክፍል አጠር ብሎ ሲጻፍ እንዲህ ነበር፦

```
<h3>ዋው! እንዳያመልጥዎ!</h3>
<p><b>የልብስ ማጠቢያ ማሽን</b></p>
<img src="IMG_4471.jpg">
<a href="/p/17">ተጨማሪ ይመልከቱ</a>
```

ለዓይን ምንም ችግር የለውም። የዕቃው ስም ደመቅ ብሏል፣ ፎቶ አለ፣ የሚጫኑት ነገር አለ። ለጆሮ ግን ሁሉም ተገልብጧል። h3 የሚለው ምልክት ለስክሪን ሪደሩ «ይህ ርዕስ ነው» ማለት ነው። ጸሐፊው ግን የፊደሉ መጠን ስላማረው «ዋው!»ን እዚያ ውስጥ ከተተው። እውነተኛው ርዕስ፣ የዕቃው ስም፣ ደግሞ በወፍራም ፊደል ብቻ ተጻፈ። ወፍራም ፊደል ለዓይን ርዕስ ይመስላል፤ ለስክሪን ሪደሩ ግን ተራ ጽሑፍ ነው። እናም በርዕስ የሚዘለው ደንበኛ የሚያገኘው «ዋው! እንዳያመልጥዎ!»፣ «ለምን እኛን ይመርጣሉ?»፣ «ጥራት መለያችን!» ብቻ ነው። ማሽኑ እዚያው ገጽ ላይ እያለ ያልፈዋል።

የርዕስ ማረሚያው እንግዲህ ይህ ነው። መፈክሩ ከርዕስነት ይወርዳል፤ አይሰረዝም፣ ተራ አንቀጽ ይሆናል። የዕቃው ስም ርዕስ ይሆናል። ከላይ አንድ ዋና ርዕስ፣ h1፣ «የእንቁጣጣሽ ቅናሽ፦ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና ምድጃ»። ከስሩ በh2 «ፍሪጅ»፣ «የልብስ ማጠቢያ ማሽን»፣ «ምድጃ»፣ «የማድረሻ ክፍያና ቀን»፣ «ሱቁ የት ነው»። ቁጥሩ የፊደል መጠን ሳይሆን የደረጃ ምልክት ነው። ፊደሉ አነሰ ወይም ተለቀ የምትሉ ከሆነ ዲዛይነሩ መጠኑን ያስተካክል እንጂ ደረጃውን አትንኩ።

ወደ ሊንኩ እንምጣ። እዚህ ላይ የሚከራከሩኝ አሉ። ዊካግ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዌብ ተደራሽነት መመሪያ በመሠረታዊ ደረጃው፣ የሊንኩ ዓላማ እዚያው ካለበት ዓረፍተ ነገር ወይም አንቀጽ ከታወቀ ይበቃል ይላል። ልክ ነው፣ ይላል። ነገር ግን ሊንኮችን ብቻ እየዘለለ የሚያዳምጥ ሰው ጋ ዓረፍተ ነገሩ አይደርስም፤ የሚደርሰው የተሰመረበት ቃል ብቻ ነው። መመሪያውን ማለፍ አንድ ነገር ነው፣ ዕቃ መሸጥ ሌላ።

ደስ የሚለው፣ አማርኛ እዚህ ላይ ያግዘናል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ መለያው ቃል በተፈጥሮው ይቀድማል። «የ7 ኪሎውን ማሽን ዋጋ ይመልከቱ» ስንል የመጀመሪያዎቹ ቃላት ብቻ እንኳ ከተሰሙ ደንበኛው የት እንዳለ ያውቃል፤ ካልፈለገው ሳይጨርስ ያልፈዋል። ጥድፊያ ላይ ላለ ሰው ይቺ ቀላል አይደለችም። «ሊንኩን ይጫኑ» የሚለውንም ተዉት፤ ስክሪን ሪደሩ ራሱ ሊንክ መሆኑን ስለሚናገር ድግግሞሽ ይሆናል።

ፎቶው ላይ ነው ትልቁ ነገር ያለው። ምስሉ መግለጫ ከሌለው አንዳንዱ ስክሪን ሪደር የፋይሉን ስም ይዞ «አይ ኤም ጂ አርባ አራት ሰባ አንድ» ዓይነት ነገር ይላል፤ ሌላው ዝም ብሎ ያልፈዋል። መግለጫው የሚጻፈው alt በሚባለው ቦታ ነው። ምን ይጻፍበት? አንዳንዱ ጎግል እንዲያገኘው ብሎ «ማሽን ርካሽ ማሽን ቅናሽ ማሽን አዲስ አበባ» ይደረድራል። ይህ ለሰሚው ጩኸት ነው። ሌላው «የልብስ ማጠቢያ ማሽን ፎቶ» ይላል። እሱን ርዕሱ ነግሮናል፤ ፎቶ መሆኑንም ስክሪን ሪደሩ ይናገራል።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፦ ፎቶውን የሚያይ ደንበኛ ከሱ ምን ያውቃል፣ ከጽሑፉ የማያገኘው? ማሽኑ ከፊት ይከፈታል ወይስ ከላይ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መቆጣጠሪያው በጣት የሚዳሰስ ቁልፍ ነው ወይስ ልሙጥ የንክኪ ስክሪን? የሚያይ ሰው ይህን በአንድ እይታ ይለየዋል። ማየት ለተሳናት ደንበኛ ግን ግዢው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። የሚሽከረከር ቁልፍ ያለውን ማሽን በ«ቀጭ ቀጭታው» እየቆጠረች ብቻዋን ትጠቀምበታለች። ልሙጥ ስክሪን ያለው ከመጣባት ግን ልብስ ባጠበች ቁጥር ሰው መጥራት አለባት። ከፎቶው ስር የቀረችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ዋጋዋ ይህን ያህል ነው።

ታርሞ ሲያልቅ ክፍሉ እንዲህ ሆነ፦

```
<h2>የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ 7 ኪሎ</h2>
<p>እንዳያመልጥዎ!</p>
<img src="IMG_4471.jpg"
 alt="ከፊት የሚከፈት ነጭ ማሽን፤ አንድ የሚሽከረከርና
 አራት የሚዳሰሱ ቁልፎች አሉት">
<a href="/p/17">የ7 ኪሎውን ማሽን ዋጋ ይመልከቱ</a>
```

የገጹ ትልቁ ፖስተር ሌላ ጣጣ ነበረበት። ዋጋው፣ ቅናሹ የሚያበቃበት ቀንና ስልክ ቁጥሩ በሙሉ ምስሉ ውስጥ ተስለዋል። እንዲህ ሲሆን ሁሉንም መግለጫ ውስጥ መጠቅጠቅ መፍትሔ አይደለም፤ ረጅም መግለጫን ቆም ብሎ እየቆራረጡ ማዳመጥ ያስቸግራል፣ ስልክ ቁጥሩንም ነክቶ መደወል አይቻልም። ዋጋውና ቁጥሩ ከፖስተሩ ስር በተራ ጽሑፍ ይጻፍ፤ የፖስተሩ መግለጫ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። ጥግ ላይ ያለችው የአደይ አበባ ግን ጌጥ ናት። ለእሷ alt="" ተብሎ ባዶ ይተዋል፤ ያኔ ስክሪን ሪደሩ ዘሏት ያልፋል። ባዶ መተውና ጨርሶ አለመጻፍ አንድ አይደሉም፤ ጨርሶ ካልተጻፈ ነው የፋይል ስም የሚነበበው።

ቴሌግራም ቻናል ላይ ለምትሸጡም ሕጉ ያው ነው። ዋጋና አድራሻ ፖስተሩ ውስጥ ብቻ አይቅር፤ ከስሩ በጽሑፍ ይግባ።

«ግን እኮ ማየት የተሳነው ደንበኛ የለንም» የሚል መልስም ይመጣል። ማንበብ ያልቻለ ሰው ቅሬታ አይልክላችሁም፤ ገጹን ዘግቶ ጎረቤት ሱቅ ይደውላል ወይም ወንድሙን «አንብብልኝ» ይላል። በሰው ዓይን ሲገዛ ደግሞ ዕቃውን የመረጠው ሌላ ሰው ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለውንም ገንዘብ ሌላ ሰው አወቀበት።

እርግጥ እነዚህ ሦስቱ ሁሉን አይፈቱም። የማዘዣ ቅጹ ካልሠራ፣ የማይዘጋ ማስታወቂያ ገጹን ከሸፈነው፣ ያ በእርግጥም የፕሮግራመሩ ነው። የገጹ ቋንቋም እንዲሁ። አማርኛ ገጽ በኮዱ መጀመሪያ ላይ lang="am" ሊባል ሲገባ እንግሊዝኛ ተብሎ ከተመዘገበ፣ ስክሪን ሪደሩ የእንግሊዝኛ ድምፅ ይዞ ፊደላችን ላይ ሊደናቀፍ ይችላል። አውቶማቲክ መፈተሻዎችንም ብዙ አትመኑ። መግለጫ መኖር አለመኖሩን ይነግሯችኋል እንጂ እውነት መሆኑን አያውቁም፤ የፍሪጁ ፎቶ ስር «ምድጃ» ቢባል ያልፋል።

የሚያዋጣው የራስ ጆሮ ነው። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ፣ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ስር፣ ቶክባክን ወይም ቮይስኦቨርን አብሩ። አትደንግጡ፣ አንዴ መንካት መምረጥ ብቻ ይሆናል፤ ለመክፈት ሁለቴ መታ መታ ይደረጋል። ከማብራታችሁ በፊት ማጥፊያውን እወቁት። ከዚያ የምትሸጡበትን ገጽ ክፈቱ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ድፉትና ዳር ዳሩን ሳይሆን ሁለት ነገር ብቻ በጆሮ ፈልጉ ማለት ይከብዳል፤ ይልቅ ዓይናችሁን ጨፍኑና በርዕስ እየዘለላችሁ ሂዱ። ማሽኑ ስንት ብር ነው? ቁልፉ በጣት ይዳሰሳል? መልሱን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካላገኛችሁ፣ ገጹ ለገበያ አልደረሰም።