ሙግት፦ አለቃ የፈቃድ ጥያቄን ቶሎ እንዲፈርም ምን ማንበብ አለበት?

ቀኑንና የሥራውን ሁኔታ ጻፉልኝ፤ ምክንያታችሁ አያስፈልገኝም
*የአንድ የግል ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ*

ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርሰው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ለግል ጉዳዬ ስለምፈልገው ከጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የ10 ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ትሕትናው ደስ ይላል። ብፈርምበት ግን ሰውየው መቼ እንደሚመለስ አላውቅም።

እስቲ እንቁጠረው። እኛ የምንሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው፤ ጥር 8 ዓርብ ይውላል። አሥሩ ቀን በተከታታይ ከተቆጠረ እሑድ ጥር 17 ያልቅና ሰውየው ሰኞ ጥር 18 ሥራ ይገባል። በሥራ ቀን ከተቆጠረ ደግሞ ቅዳሜና እሑዱ ይወጣል፤ ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነውና እሱም ይወጣል። አሥረኛው ቀን ዓርብ ጥር 22 ላይ ይወድቃል፣ መመለሻው ሰኞ ጥር 25 ይሆናል። በሕጉ የዓመት ፈቃድ የሚቆጠረው በሥራ ቀን ስለሆነ ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ጠያቂው የትኛውን አስቦ እንደጻፈ ግን ደብዳቤው አይናገርም።

ከጥር 18 እስከ 22 ያለው ሳምንት ደግሞ እኛ ቤት ፔሮል የሚሠራበት ነው። ጠያቂው ማን መሰላችሁ? የፔሮል ሠራተኛው ራሱ። ታዲያ ምን አደርጋለሁ? ወረቀቱን «ላስብበት» ብዬ ወደ ጎን አስቀምጠዋለሁ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን መጥቶ «አለቃዬ፣ ያቺ ነገር?» ይለኛል። ያስቆየሁት ግን በክፋት አይደለም። ማን ምን ያህል እንደሠራ፣ የትርፍ ሰዓት ወረቀቱ የት እንዳለ፣ ፋይሉን ማን እንደሚከፍተው መጠየቅ ነበረብኝ፤ ለመጠየቅም ጊዜ አላገኘሁም።

ደብዳቤው እንዲህ ቢል ኖሮ ቆሜ እፈርም ነበር፦ «ከዓርብ ጥር 8 እስከ ዓርብ ጥር 22 (10 የሥራ ቀን)፤ ሰኞ ጥር 25 እመለሳለሁ። የትርፍ ሰዓትና የቀሪ መዝገብ እስከ ጥር 7 አጠናቅቄ አስረክባለሁ። የወሩን ፔሮል ረዳት ሒሳብ ሠራተኛዋ ትሠራለች፤ ተስማምተናል። አስቸኳይ ነገር ካለ ስልኬ ክፍት ነው።»

ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ሠርግ ይሂድ፣ ቤቱን ያስጠግን፣ ተኝቶ ይዋል፣ የራሱ ጉዳይ ነው። ፈቃዱ የሱ ነው። ምክንያት ማንበብ ስንጀምር የአንዱን ሠርግ ከሌላው ጠበል ጋር ማመዛዘን እንጀምራለን፤ ያ ደግሞ የእኔ ሥራ አይደለም።

መጀመሪያ የፈቃዱ ዓይነት፤ ተተኪ መፈለግ የአለቃ ሥራ ነው
*የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ*

የቀኑን አቆጣጠር በተመለከተ ከፋይናንስ ኃላፊው ጋር ጠብ የለኝም። መመለሻውን ቀን ማስጻፍ ብቻውን ግማሹን ንትርክ ያስቀራል። እኔም በቅጻችን ላይ «ሥራ የሚጀመርበት ቀን» የሚል መስመር ያስጨመርኩት ለዚህ ነው።

«ምክንያት አያስፈልገኝም» ያሉት ግን ለዓመት ፈቃድ ብቻ የሚሠራ ነው። እርሳቸው የሚያውቁት ፈቃድ አንድ ዓይነት ይመስላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሐዘን፣ ለሠርግ፣ ለወሊድ፣ ለሕመም፣ ለማኅበር ሥራ የተለያየ ፈቃድ ይሰጣል፤ አንዱ ከሌላው የሚለየው በምክንያቱ ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ሾፌር እናቱ ሞታ «ለግል ጉዳይ የ3 ቀን ፈቃድ» ብሎ ጻፈ። ሰው ፊት ሐዘኑን መዘርዘር አልወደደም። አለቃው ወዲያው ፈረመለት፤ በፍጥነቱ ማንም ሊያማው አይችልም። ወረቀቱ ወደ እኛ ሲመጣ ሦስቱ ቀን ከዓመት ፈቃዱ ተቀነሰ። ሕጉ ግን ወላጅ ሲሞት ከነደመወዙ 3 የሥራ ቀን ለብቻው ይሰጣል። «እናቴ ስላረፉ የሐዘን ፈቃድ» የሚሉት ቃላት ቢኖሩ ሦስቱ ቀን አይነኩበትም ነበር። እኛ ያወቅነው ከወር በኋላ በወሬ ነው፤ መዝገቡንም አስተካከልን። ስንቱ ሳይስተካከል እንደቀረ ግን እንጃ።

የሕመምም እንዲሁ ነው። የበሽታውን ስም አለቃ ማንበብ የለበትም፤ የሐኪም ወረቀት መያያዙንና የዕረፍቱን ቀን ብዛት ካየ ይበቃዋል። ሕመሙን መዝገብ ቤት ሁሉ እንዲያነበው ደብዳቤ ላይ መዘርዘር የኛ ሰው ክፉ ልማድ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የቀረው ቀን ይምጣ። የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ያስገኛል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። «ከ17 ቀን 4 ወስጃለሁ፣ 13 ይቀረኛል» ተብሎ ከተጻፈና እኛ አጠገቡ ምልክት ካደረግንበት፣ አለቃው እኛ ዘንድ ደውሎ የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖርም።

አሁን ወደ ተተኪው። የፔሮል ሠራተኛው ረዳቷን ለምኖ አስማምቶ እንዲመጣ የሚጠየቀው ለምንድን ነው? እሷን የማዘዝ ሥልጣን ያለው አለቃው ነው። የፈቃድ ፕሮግራም የማውጣት ግዴታም በሕጉ የአሠሪው ነው፤ የሠራተኛውን ፍላጎትና የድርጅቱን ሥራ እያመዛዘነ። የጥር ፔሮል በየዓመቱ በጥር እንደሚሠራ እየታወቀ፣ በመስከረም ፕሮግራም ያላወጣ ሰው በጥር በደብዳቤው ላይ ቢያማርር አልሰማውም።

«ስልኬ ክፍት ነው» የምትለዋም መስመር ትሰረዝ። ፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ መጥራት የሚፈቀደው አስቀድሞ ሊታወቅ ያልቻለ ነገር ሲገጥም ነው። ያኔም የቀረው ቀን ይካካስለታል፣ የመጓጓዣና የውሎ አበል ወጪውም በአሠሪው ነው። ፔሮል ያልታሰበ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ከንብረት ክፍል

ይህን ጽሑፍ ሳይታተም ያነበቡት የንብረት ክፍል ኃላፊያችን፣ ጋሼ፣ ሐሳብ አለኝ ብለው መጡ። «ስለ ደብዳቤው ተዉት» አሉ። «እኔ ሁለት ዓመት አልወጣሁም፤ ንብረቱን የሚረከበኝ ሰው የለም። በገንዘብ ቀይሩልኝ።» በገንዘብ መቀየር ሥራ ሲለቁ ካልሆነ በስተቀር ክልክል እንደሆነ፣ ማራዘሙም ከሁለት ዓመት እንደማያልፍ ተነገራቸው። «እንግዲያ ማን ይረከበኝ?» ብለው ሁለቱንም ጸሐፊዎች በየተራ አዩአቸው።

የፋይናንስ ኃላፊው መልስ

የሾፌሩን ነገር ተቀብያለሁ፤ የፈቃዱ ዓይነት ከላይ ይጻፍ። ስልኩንም ትቼዋለሁ።

በተተኪው ግን አልስማማም። ጋሼን አይታችኋቸዋል፤ ፕሮግራም ወጥቶ ስማቸው በኅዳር ላይ ተጽፎ ነበር። ኅዳር ሲደርስ ቆጠራ አለ ተባለ። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ዕቃ እንደሚከፍት፣ የትኛው ሰነድ ያልተወራረደ እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ ሰው ልመድብ እችላለሁ፤ ሰውየው ምን እንደሚረከብ ግን መጻፍ ያለበት የሚሄደው ነው።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ መልስ

ምን እንደሚረከብ ይጻፍ፣ እስማማለሁ፤ በፊት የጠየቁት ግን «ተስማምተናል» የሚለውን ነበር። የፔሮል ሠራተኛው «ይህ ይህ ሥራ ይቀራል» ብሎ ይጻፍ፤ «ማን ይሥራው?» ከሚለው ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አለቃው በገዛ እጁ ይሙላ። ባዶ ሆኖ ከተመለሰልኝ ጥያቄውን ያዘገየው ማን እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ አነባለሁ። ቅጹን በዚሁ መልክ አርቅቄ ልኬላቸዋለሁ፤ እስካሁን አልፈረሙበትም።